ክፍተት ሁሉ ስንጥቅ አይደለም

በቅርቡ አንዲት ወጣት መሐንዲስ «አራት ሰዎች የጻፉት ሪፖርት ቃላቱ እንዲስማሙ ኮምፒውተሩ ባንድ ጊዜ ቢተካቸው አይበቃም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ማንሣት የማልወደውን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

የድልድይ ፍተሻ ሪፖርት ነበር። አራት ባለሙያዎች የጻፏቸውን ምዕራፎች እንዳቀናጅ ተሰጠኝ። አንዱ «ስንጥቅ» ያለውን ሌላው «ንቃቃት»፣ ሦስተኛው «ክፍተት» ብሎታል። ማስረከቢያው በማግስቱ ነበርና «ክፍተት»ን፣ «ክፍተቱ»ን፣ «ክፍተቶች»ን እየፈለግሁ በመላው ሪፖርት «ስንጥቅ» አደረግኋቸው። አራተኛውን ምዕራፍ ግን አላነበብሁትም። እዚያ «ክፍተት» የተባለው ድልድዩ በሙቀት ሲለጠጥ እንዲፈናፈን በወለሉ ጫፍ ሆን ተብሎ የሚተወው ቦታ ነበር። «ክፍተቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው» የሚለው ጤናማ ልክ «ስንጥቁ 40 ሚሊ ሜትር ነው» ሆኖ ወጣ። የጥገና ዝርዝሩ ደግሞ «ስንጥቆች ሁሉ በሲሚንቶ ይሞሉ» ይላል። ጠጋኞቹ የተጻፈውን ፈጸሙ። ሙቀቱ ሲበረታ ወለሉ መሄጃ አጣ፤ የኮንክሪቱ ጠርዝ ተፈረካከሰ።

የምዕራፉ ጸሐፊ ዝምተኛ አዛውንት ነበሩ። ከእያንዳንዱ ልክ ጎን የዕለቱን ሙቀት በእርሳስ ይጽፉ ነበር፤ ያ ክፍተት በሙቀት ይጠባል፣ በብርድ ይሰፋልና ልኩ ያለ ሙቀቱ ትርጉም የለውም። ሠንጠረዣቸው ውስጥ የሙቀት ዓምድ ነበረ። ያን አንዴ ባየሁት ስለ ስንጥቅ እንደማያወሩ በገባኝ ነበር። ስልክ ደውለው ዐረፍተ ነገሩን አነበቡልኝና ዝም አሉ።

ስለዚህ ከመተካታችሁ በፊት ቃሉ የሚገኝበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ጸሐፊውንም «ምን ማለትህ ነው?» በሉት። የዛሬ ወጣቶች በማሽኑ ከእኛ ይልቅ ፈጣን ናችሁ፤ ደውሎ መጠየቅ ግን ይከብዳችኋል። ፍለጋውም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ «ሥራ»ን ስትፈልጉ «ስራ» ሊያመልጣችሁ ይችላል።

የግሥ ጊዜም እንዲሁ ነው። የታየውና የተለካው በኃላፊ፣ አሁን ያለው ሁኔታ በአሁን ጊዜ፣ የሚመከረው በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፍ። በዚያው ሪፖርት አንዱ ዕቅዱን «ምሰሶው ተጠግኗል» ብሎ ጽፎት ነበር፤ እኔ ደግሞ ለመልክ ብዬ የሌሎቹን «ይጠገናል» ወደ «ተጠግኗል» ለማስማማት ተነሥቼ ነበር። የጊዜ ለውጥ ትርጉም ይለውጣልና ከጸሐፊው ውጭ ማንም አይንካው። ይህን ስል ራሴን እንደምቃረን አውቃለሁ፤ ሰነዱ አንድ ድምፅ እንዲኖረው ሌሊት ሙሉ የጸሐፊዎችን ግሦች ስለውጥ የኖርሁ ሰው ነኝ።

በርዕሶች ብዙ አልደክምም። ሁሉም የስም ሐረግ ይሁኑ፤ በእጅ ከማድመቅ ይልቅ የርዕስ ስታይል ይሰጣቸው፤ ካልሆነ ማውጫው ይዘላቸዋል።

ለወጣቷ የሰጠኋት ባለ ሦስት ዓምድ ወረቀት ነው፦ ቃሉ፣ በየጸሐፊው ትርጉሙ፣ የተመረጠው። የመጀመሪያውን መሥመር እኔው ሞላሁላት፦ «ክፍተት»።