ደንበኛው ይናገር፣ አንተ ጻፍ

«ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላለ የዓሣ ቤት ሜኑ ዲዛይን አድርጌ አስረከብኩ፤ ክፍያዬንም ተቀብያለሁ። ባለቤቷ ሥራውን ወደውታል። ለፖርትፎሊዮዬ የሚሆን አስተያየት እንዲጽፉልኝ ስጠይቃቸው እሺ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈ። ደግሜ ብጠይቅ ልመና አይሆንብኝም?»

ልመና አይሆንም፤ አጠያየቅህን ግን ቀይር። «አስተያየት ይጻፉልኝ» ስትላቸው ምን እንደሚጻፍና ምን ያህል እንደሚረዝም የማሰቡን ሥራ ለእሳቸው ትተህላቸዋል። ከኩሽና ወደ ሒሳብ መቀበያ ሲመላለስ የሚውል ሰው ለዚያ አይቀመጥም። ስለዚህ ማስጻፉን ተወውና እንዲናገሩ ጠይቃቸው። የምሳው ግርግር ሲበርድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በቴሌግራም እንዲህ ብለህ ላክ፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ስለ ሜኑው አስተያየት እንደሚሰጡኝ ነግረውኝ ነበር። መጻፍ ሳያስፈልግዎት ሦስት ነገር በድምፅ ቢነግሩኝ ይበቃኛል። የድሮው ሜኑ ምኑ ያስቸግር ነበር? አሁን ምን ተለወጠ? አብረን ስንሠራ ምኑ ተመቸዎት? እኔ በጽሑፍ አድርጌ አሳይዎታለሁ፤ ሳይፈቅዱ አላወጣውም። ካልተመቸዎትም ቅር አይለኝም።»

ከሦስቱ ዋናው የመጀመሪያው ነው። እሱ ከሌለ የሚመጣልህ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይባረክ» የሚል ምርቃት ነው። ምርቃቱ ደስ ይላል፤ ለቀጣዩ ደንበኛ ግን ምን እንደሠራህ አይነግረውም። «እንግዳው የእያንዳንዱን ዋጋ አስተናጋጁን ይጠይቅ ነበር፤ አሁን ራሱ አይቶ ያዛል» ካሉ ግን ሌላው ምግብ ቤት ያለው ሰው የራሱን ችግር እዚያ ውስጥ ያገኘዋል። ምርቃት ብቻ ከመጣ አመስግንና የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነጥለህ ድገምላቸው።

ድምፁ ሲደርስህ ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ምረጥ፤ 40 ቃል ገደማ ይበቃል። ድግግሞሹን ቁረጥ፣ ያላሉትን ቃል ግን አትጨምር፤ «በጣም» የምትለዋን እንኳ። አንዳንዱ ሙሉውን ራሱ ጽፎ «ይስማሙበታል?» ብሎ ይልካል። ለደንበኛው ይቀላል፤ ነገር ግን አምስት ምስክርነት በአንድ ሰው አንደበት ሲሰማ አንባቢው ወዲያው ይነቃል። የእሳቸውን አነጋገር፣ «ልጄ» የሚለውን ጭምር፣ እንዳለ ተወው።

ከዚያ ጽሑፉን መልሰህ ላክና ስማቸውና የቤቱ ስም ይውጣ እንደሆነ፣ ወይስ «የምግብ ቤት ባለቤት፣ ሐዋሳ» ቢባል እንደሚሻላቸው ጠይቅ። ፎቶ ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል። የፈቀዱበትን መልእክት አታጥፋ።

በሳምንቱ መልስ ካልመጣ አንዴ ብቻ አስታውስና ተው፤ ከዚያ በላይ ከሄድክ ስልክህን ማንሳት ይከብዳቸዋል፣ ሌላ ሥራም ታጣለህ።

ለሚቀጥለው ሥራ ደግሞ ሦስት ሳምንት አትጠብቅ። የታተመው ሜኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ደንበኛው ሳይጠየቅ አንድ ነገር ይላል። እዚያው «አሁን ያሉትን ቃል በስምዎ ላውጣው?» በለው። ቀሪ ክፍያ ካለ ግን መጀመሪያ እሱ ይጠናቀቅ፤ ሁለቱን ባንድ መልእክት ከጠየቅህ ምስክርነቱ የሒሳቡ አካል ይመስለዋል።