ስብሰባውን እምቢ ስትል ማን እንደጠራህ እይ

«የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ቤት ሆኜ ለሁለት ድርጅት ሂሳብ እሠራለሁ። በየጊዜው ስብሰባ ና ይሉኛል፤ ለ20 ደቂቃ ወሬ ግማሽ ቀኔ ይሄዳል። ሳላስቀይማቸው በስልክ ወይም በኢሜይል እንጨርሰው ማለት የምችለው እንዴት ነው?»

ወንድሜ፣ እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፤ ጎረቤት ነን ማለት ነው። ቤቴ ተቀምጬ የሰው ሂሳብ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሁን አራት ደንበኞች አሉኝ። አምስት ነበሩ። አምስተኛው እንዴት እንደሄደ ልንገርህ፣ አንተ እንዳትደግመው።

«በትህትና ጻፍላቸው» የሚሉህን እለፋቸው። ትህትና ማን አጣ? እኔ ያንን ደንበኛ ያጣሁት ከትህትና ብዛት ነው።

1. መጀመሪያ ጥሪውን ማን እንደላከው፣ ውሳኔውስ የማን እንደሆነ ለይ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም። መልስህ ደግሞ ለሁለቱም መድረስ አለበት።

የእኔው እንዲህ ነበር። ቦሌ ያለ አንድ አስመጪ ድርጅት ነው፣ ስሙን ተወው። በወር 12,000 ብር ይከፍሉኝ ነበር። አንድ ሰኞ ከሰዓት በአውትሉክ ጥሪ መጣልኝ። ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት፣ ስድስት ሰው የተጠራበት። ርዕሱ «ውይይት» ይላል። የምን ውይይት? አጀንዳ የለውም። የላከችው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። እኔ ግን የምግባባው ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ስለነበር ለእሱ ደወልኩ። «አይ፣ በወሩ ሪፖርት ላይ ሁለት ሦስት ጥያቄ ነው፤ ሌላውን ስትመጪ እንነጋገራለን» አለኝ። ይቺን «ስትመጪ» የምትለዋን ቃል ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ለሁለት ሦስት ጥያቄ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ቦሌ! የታክሲ ሰልፉን ስትጨምርበት ለ4 ሰዓት ለመድረስ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት አለብኝ። የምመለሰው ደግሞ ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። ጊዜው የወር መጨረሻ ነው፤ የሦስት ደንበኛ ቫት ማሳወቅ ይቀረኛል። አልሄድም አልኩ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ፣ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ለፋይናንስ ኃላፊው «ረቡዕ አይመቸኝም፣ በስልክ ብናወራው ደስ ይለኛል» ብዬ ኢሜይል ጻፍኩ። «እሺ» የሚል አንድ ቃል መለሰልኝ። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ጥሪውን ከፍቼ `Decline` የሚለውን ጫንኩ። አውትሉክ ሦስት ምርጫ ያወጣልሃል፦ `Edit the Response before Sending`፣ `Send the Response Now` እና `Do Not Send a Response`። የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። እምቢታዬ ሥራ አስኪያጁ ጋ ቢደርስ ድፍረት መስሎ ታየኝና ሦስተኛውን መረጥኩ። ስብሰባው ከእኔ ካላንደር ጠፋ፣ ደስ አለኝ። እነሱ ጋ ግን ምንም አልደረሰም። ከተጠሩት ዝርዝር ውስጥ ገና መልስ ያልሰጠች ሆኜ ቆየሁ። ሰው ዝም ካለ ደግሞ ይመጣል ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ረቡዕ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ስልኬ ጮኸ። ጸሐፊዋ ናት። «የት ደረስሽ?» ቤት ነኝ፣ ለፋይናንስ ኃላፊው አሳውቄያለሁ አልኳት። ለካ ሰውየው በዚያ ጠዋት ዕቃ ሊያስወጣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄዷል፤ የእኔን ነገር ለማንም አልተናገረም። ከጸሐፊዋ ኋላ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ይሰማኛል፦ «እሷማ ትልቅ ሰው ናት፣ እኛ ቱሉ ዲምቱ እንሂድላት እንጂ!» ከዚያ ሳቅ። ስድስት ዓመት ስሠራ እንደዚያ ቀን ጆሮዬ ግሎ አያውቅም።

ውሉ ሲያልቅ አላደሱልኝም። «በአካል የሚገኝ ባለሙያ ስለምንፈልግ» የምትል ሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሰችኝ። የመጨረሻውን ቼክ ልወስድ ስሄድም እንግዳ መቀበያው ላይ 40 ደቂቃ አቆሙኝ። ወንበር እያለ! ይሄ ከጥያቄህ ጋር አይገናኝም፣ ግን ይመዝገብልኝ።

2. «በስልክ እናውራ» ብቻ አትበል። ከስህተቶቼ ሁሉ የባሰው ይሄ ነው። ቀን የለው፣ ሰዓት የለው፣ ማን እንደሚደውል አይታወቅ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ማንንም አያስገድድም። ለጠራህ ሰው የሚሰማው «አልመጣም» የሚለው ብቻ ነው። ስብሰባውን ስትወስድበት በእጁ የሚይዘው ሌላ ነገር ስጠው።

ከዚያ በኋላ ገርጂ ያሉ አንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ለሐሙስ ጠሩኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ጽሑፉ አይቀድምም። መጀመሪያ ደወልኩና «ጋሼ፣ ሐሙስ መምጣት ስላልቻልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን ዝርዝሩን እጽፍልዎታለሁ» አልኳቸው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ የሚከተለውን ላክሁ፣ ለጸሐፊያቸውም ግልባጭ አድርጌ፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለሐሙስ ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ፤ በዚያን ዕለት መምጣት አልችልም። ከጸሐፊዎ እንደተረዳሁት ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የመጋዘኑ ኪራይ ነው። ደረሰኙ ስላልደረሰኝ በወሩ ወጪ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝ በዚያው ቀን አስገባዋለሁ። ሁለተኛው የመኪኖቹ ጥገና ነው። አንደኛው መኪና በድርጅቱ ስም ስላልሆነ የእርስዎን ውሳኔ ይፈልጋል፤ እሱን በስልክ ባስረዳዎት ይሻላል። 15 ደቂቃ ይበቃናል። ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ወይም ሐሙስ ከሰዓት 9 ሰዓት እኔ ልደውልልዎት። ሁለቱም ካልሆኑ የሚመችዎትን ይንገሩኝ። የተስማማንበትን በዚያው ቀን ጽፌ እልክልዎታለሁ።»

ልብ በል፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ እዚያው መልሼዋለሁ። ኢሜይሉን አንብበው ሲጨርሱ የስብሰባው ግማሽ አልቋል። ለስልክ ያስቀረሁት ውሳኔ የሚፈልገውን ብቻ ነው። እሱን በኢሜይል ብሞክረው አሥር ጊዜ ስንመላለስ እንከርም ነበር። ደዋይዋ እኔ መሆኔንም ጽፌያለሁ። እምቢ ያልኩት እኔ ሆኜ፣ ትልቅ ሰው በራሱ ካርድ ይደውልልኝ አይባልም።

ምክንያት አልዘረዘርኩም። ትራፊክ ነው ብትላቸው «በጠዋት ውጣ» ይሉሃል፣ ክርክር ትገባለህ። ውሸትማ ጭራሽ አትሞክር። አንዲት ጓደኛዬ «ለቅሶ አለብኝ» ብላ ከስብሰባ ቀረች። መሥሪያ ቤቱ ብር አዋጥቶ፣ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ይዞ ሊያስተዛዝናት ቤቷ ድረስ መጣ። በሩን ስትከፍት ፀጉሯን እየተሠራች ነበር።

ሰዓቱን ስትጽፍም ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚለውን አትርሳ። ደንበኛህ በካላንደር የሚኖር ከሆነ ሁለቱንም ጻፍለት፦ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማለትም 3:00 PM። እኔ አንዴ «በ9 ሰዓት» ብዬ ብቻ ጽፌ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ፋይሉን እንኳ አልከፈትኩም ነበር።

3. አሁን ወደ ቁልፉ ተመለስ። ኢሜይሉን ከላክህ በኋላ ጥሪውን ራሱን መመለስ አለብህ። አውትሉክ ላይ `Edit the Response before Sending` ምረጥና «ዝርዝሩን በኢሜይል ልኬያለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት እደውላለሁ ብያለሁ» ብለህ አንድ መስመር ጨምር። ጉግል ካላንደር ላይም `No` ስትል አብሮ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። `Propose a new time` የሚለው አያታልልህ። እሱ ስብሰባው ወደ ሌላ ሰዓት ይዛወር ነው የሚለው፤ በስልክ ይለቅ አይልልህም። ቦሌ መሄድህ አይቀርም፣ ቀኑ ብቻ ይቀየራል።

ጋሼ ረቡዕን መረጡ። እንደምታውቀው እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቪዲዮ ምናምን አላልኩም፣ ተራ ስልክ ነው። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ደረጃው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። 11 ደቂቃ ፈጀ። የዚያ መኪና ጥገና ከድርጅቱ ወጪ ይውጣ፣ በግላቸው ይያዝ አሉ። ስልኩን እንደዘጋሁ ይህንኑ በሁለት መስመር ጽፌ ላክሁላቸው። ይሄን መስመር አትዝለል። ስብሰባ ቢሆን አንድ ሰው ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ በስልክ የተባለ ነገር ግን ከወር በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይመጣበታል።

ወደ «ስትመጪ እንነጋገራለን» ልመለስ። ከብዙ ወራት በኋላ ያ የፋይናንስ ኃላፊ ገበያ አገኘኝና የዚያን ረቡዕ ዋናው አጀንዳ የእኔ የውል እድሳት እንደነበር ነገረኝ። ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? «በስልክ የሚወራ አይደለም ብዬ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ሰው ጉዳዩን በስልክ ሊነግርህ ካልፈለገ፣ ያንን ጉዳይ በስልክ እንጨርስ ብትለው አይሰማህም። ስለ ክፍያህ፣ ስለ ውልህ ወይም አንተ ስላጠፋኸው ስህተት ከሆነ ሂድ። አጀንዳ ከሌለው ደግሞ «ምን ይዤ ልምጣ?» ብለህ ጠይቅ። «ሪፖርቱን» ካሉህ በኢሜይል ያልቃል። «ምንም፣ አንተ ብቻ ና» ካሉህ ግን ጫማህን አስር።

አሁን የያዝከው ጥሪ ላይ ማን ማን ተጠርቷል? ርዕሱስ ምን ይላል? የድርጅቱን ስም ሳትጠቅስ ጻፍልኝና መልሱን አብረን እናዘጋጀዋለን።