ላምባ ሸተተኝና ዶሮ ማነቂያ ገባሁ፦ ስለ ሽታና ትዝታ ጥያቄና መልስ

ያለፈው ቅዳሜ ጥያቄ የመመለሱ ተራ የኔ ነበር። አራት ኪሎ ያለችው ጠባቧ ክፍላችን ሞልታለች። ነርሶችን 22 ዓመት ፊዚዮሎጂ ሳስተምር ስለ አፍንጫ የጠየቀኝ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ሁሉም የሚፈልገው ልብና ኩላሊት ነው። ቅዳሜ ግን የጥያቄው ወረቀት ከስኒው በለጠ። ያልደረስኩባቸውንም ጨምሬ እነሆ።

«እትዬ፣ ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ከመቶ በላይ ፎቶ አንስቻለሁ። ፎቶዎቹን ሳይ ብዙም አይሰማኝም። ባለፈው ግን አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላምባ ሸተተኝና የአያቴ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ። እንባዬ መጣ። ለምን?»

አየህ፣ ፎቶው በሩቁ ዞሮ ነው የሚመጣው። ዓይንህ ያየው ነገር መጀመሪያ አእምሮ መሀል ያለ ጣቢያ ያርፋል፤ ታላመስ ይባላል። ከዚያ ወደ ኋላ ማጅራትህ በላይ ወዳለው ክፍል ይሄዳል። እዚያ ቅርጹ ይለያል፣ ፊቱ ይታወቃል። ስሜት የሚቀሰቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ይቺ አያቴ ናት፣ ያ ጓዳው ነው» ካልክ በኋላ ማለት ነው።

ሽታ እንዲህ አይዞርም። የአፍንጫህ ጣሪያ ላይ ነርቮች ጫፋቸውን ለአየር ገልጠው ተቀምጠዋል። ክራቸው እንደ ወንፊት በተበሳ ቀጭን አጥንት ሽቅብ ያልፍና ልክ ከአጥንቱ በላይ ካለው የሽታ ማዕከል ይገባል። ከዚያ የሚነሳው መስመር ታላመስን ሳይነካ ስሜት ወደሚነሳበት ወደ አሚግዳላ ይደርሳል። የትዝታ ጎተራ ለሆነው ለሂፖካምፐስም ደጃፉ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ እንባህ ቀድሞ መጣ፣ «ላምባ ነው» የሚለው ስም ግን ዘገየ። ልብ ብለህ እንደሆነ ለአንድ አፍታ ምን እንደሸተተህ እንኳ አላወቅክም።

የትምህርት መጽሐፉ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ከመስመሩ አጭርነት ይልቅ ሁለተኛው ምክንያት ይከብዳል ባይ ነኝ። ፎቶህን ስንት ጊዜ አይተኸዋል? ስልክህ ላይ አለ፣ ለዘመድ ልከሃል፣ ቤትም ሰቅለህ ይሆናል። ትዝታ በተነሳ ቁጥር ትንሽ ተነካክቶ ነው የሚመለሰው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የምታስታውሰው ጓዳውን ሳይሆን ፎቶውን ነው። ላምባ ምድጃ ደግሞ ከቤታችሁ ከወጣ ዓመታት ሆኖታል። ማንም ያልነካካው ትዝታ ነበር፤ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ከነአቧራው ተነሳ።



 

«ሽታ አይዋሽም ይባላል። ከፎቶ መቶ እጥፍ በትክክል ያስታውሳል ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ነው አይደል?»

ግማሹ እውነት ነው። መቶ እጥፍ የሚለውን ግን ከየት እንዳመጡት እንጃ።

ሬቸል ኸርዝ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንኑ ፈትሻዋለች። ለሰዎች አንድን ነገር አንዴ በሽታው፣ አንዴ በመልኩ፣ አንዴ በድምፁ እያቀረበች ትዝታቸውን ጠየቀች። ሽታ ያመጣው ትዝታ ስሜቱ ጠንከር ያለ ነበር። ሰዎቹ «ወደዚያ ጊዜ የተመለስኩ መሰለኝ» ያሉትም ሽታው ሲቀርብላቸው ይበልጥ ነበር። ዝርዝሩ ግን ከሌሎቹ አልበለጠም፣ ጥራቱም እንዲሁ። ማለትም ሽታ እዚያ እንዳለህ ያህል ያሰማሃል እንጂ የግድግዳውን ቀለም በትክክል አይነግርህም። አደጋውም እሱ ነው፦ ስሜቱ ሲበረታ ሰው ዝርዝሩንም አምኖ ይምላል።

የዶሮ ማነቂያው ልጅ ይህን ስናገር ተነስቶ «የአያቴ ምድጃ ሰማያዊ ነበር፣ በሩ ጥግ ነው የሚቀመጠው፣ አሁን ይታየኛል» አለ። አብራው የመጣችው እህቱ ሳቀች። «አረንጓዴ ነው፤ የሚቀመጠውም በረንዳ ላይ ነው፤ አያቴ ላምባ ቤት ውስጥ አታስነሳም ነበር።» ሁለቱም ክሩ ሲጠፋ የሚወጣው ጭስ ያስለቅሳቸው እንደነበር ይስማማሉ። ላምባ ምድጃ ሽታው የሚብሰው ሲያጠፉት ነውና ይህ ያስኬዳል። ቀለሙን ግን ከመቶ ፎቶ አንዱ ካልያዘው ማን ያስታርቃቸዋል? ለዝርዝር ነገር ፎቶ ይሻላል፤ እህቱም ስትወጣ ስልኩን ተቀብላው ነበር።

«ሁልጊዜ ሽታ የሚመልሰኝ ወደ ልጅነት ነው። ዩኒቨርሲቲ የቆየሁትን አራት ዓመት ግን አንድ ሽታ አያስታውሰኝም። እኔ ብቻ ነኝ?»

ብቻሽን አይደለሽም። ዊላንደርና ላርሶን የተባሉ ስዊድናውያን በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አረጋውያንን ጠይቀው ነበር። በቃልና በፎቶ የተቀሰቀሰው ትዝታ በብዛት ከ11 እስከ 20 ዓመት ዕድሜ ላይ ተከማቸ። ሽታ የቀሰቀሰው ግን ከ10 ዓመት በታች ነበር።

ምክንያቱ የመጀመሪያው ጥምረት ስለሚጠነክር ይመስላል። አፍንጫ አንድን ሽታ መጀመሪያ ከምን ጋር እንዳገኘው ይይዛል፤ በኋላ የሚመጣውን እንደ መጀመሪያው አጥብቆ አይዝም። ልጅ ደግሞ ብዙውን ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያገኘው። ጠጅ ሳር የተነሰነሰበት ቤት ስትገቢ ከዚህ ዓመት በዓል ይልቅ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ የለበስሽው አዲስ ቀሚስ የሚመጣብሽ ለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የቡናውም የሽሮውም የበረኪናውም ሽታ ባለቤት ነበረው። አዲስ ሽታ ቢገጥምሽ ኖሮ ይይዝልሽ ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ፎርማሊን የሸተተው የሕክምና ተማሪ ጠይቂ፤ እስኪሸብት አይረሳውም።

«እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ነጠላዋን በፌስታል ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። ሲከፋኝ ከፍቼ አሸተዋለሁ። ሰሞኑን ሽታው የቀነሰ መሰለኝ። ምን ላድርግ?»

ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ፌስታሉን ያስወጡት። ቀጭን ፌስታል ሽታ ያሳልፋል፣ የራሱንም ያክላል። አፈ ሰፊ የመስታወት ማሰሮ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይፈልጉ፤ በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ውስጡ ምንም የማይሸት። ነጠላው እርጥበት ካለው ከመግባቱ በፊት ጥላ ውስጥ ይናፈስ። እርጥብ ከገባ ይሻግታል፤ ሻጋታ ከገባ ደግሞ የእናትዎን ሽታ ውጦ የራሱን ነው የሚያወጣው። ናፍታሊን ከአጠገቡ እንዳይደርስ። ማሰሮውን ጨለማና ቀዝቃዛ ቁም ሳጥን ውስጥ ያኑሩት።

ቢሆንም ሁሉም አይቆይም። ቀላል ቀላሉ ሽታ ቀድሞ ይተናል፤ እንደ ሎሚ ያለው። እንደ ዕጣንና እንጨት ያለው ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ነጠላው ቀስ በቀስ ወደ ዕጣኑ ያደላል። «ተቀየረ» ቢሉ የእርስዎ አፍንጫ ተሳስቶ አይደለም።

ከፍተው ሲያሸቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ አድርገው ይክደኑት። አፍንጫ ብዙ ሳይቆይ ይለምድና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። የራሳችን ቤት የማይሸተን ለዚህ ነው። ቀነሰ ያሉት ከነጠላው ይሁን ከአፍንጫዎ ለማወቅ ቤትዎ የማይኖር ሰው ያሽትልዎ። እሱ ከሸተተው ነጠላው ደህና ነው፣ የለመደው አፍንጫዎ ነው። ለሁለት ሦስት ሳምንት ቢተዉት መልሶ ይሸትዎታል።

አንዲት ወጣት «የመጀመሪያው ጥምረት አይለቅም ካሉ ማሽተቱን ለምን ይቆጥቡታል?» ብላ ያዘችኝ። ልክ ናት። አይለቅም ማለት ግን አይደበዝዝም ማለት አይደለም። በየቀኑ የሚሸተት ነጠላ እናትዎን ብቻ ሳይሆን ያለቀሱባቸውን ማታዎችም ይሰበስባል። ምን ያህል ጊዜ መክፈት እንደሚበቃ ግን ቁጥር አልሰጥዎትም። እሱን እርስዎ ያውቃሉ።

«ለማትሪክ ሳጠና የጥብስ ቅጠል እያሸተትኩ ባጠናና ፈተና ላይ ደግሞ ባሸት ይሠራል?»

ሐሳቡ መሠረት አለው። እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ የቫይኪንጎችን ኑሮ የሚያሳይ ጆርቪክ የሚባል ሙዚየም አለ፤ ውስጡ የዚያን ዘመን ሽታ ይረጫል። ከጎበኙት ስድስት ሰባት ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የሙዚየሙን ሽታ እያሸተቱ ሲጠየቁ ያዩትን ይበልጥ አስታወሱ።

ግን ልብ በል፦ ያ ሽታ ሌላ ቦታ አይገኝም። የጥብስ ቅጠል ያንተ ቤት በየሳምንቱ ድስት ውስጥ ነው። ያልተያዘ ሽታ ከፈለግክ ሌላ ምረጥ። ያላጠናኸውን ደግሞ ምንም ሽታ አያመጣልህም። መሐረብ እያሸተትክ ፈታኙ ቢያይህ ምን እንደምትለውም አስብበት።

«ኮቪድ ይዞኝ ከዳንኩ በኋላ ቡና ሲቆላ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። የእናቴ ቤት ትዝታም አብሮ ጠፋ። ይመለሳል?»

እኔም በ2013 ደርሶብኛል። የሽታ ነርቮች ዕድሜ ልክ እየሞቱ ይተካሉ፤ ይህ ከብዙ ነርቭ የተለየ ጸጋቸው ነው። ብዙዎቹ አንድ ላይ ሲጎዱ ግን አዲሶቹ ክሮች የቀድሞ ቦታቸውን ስተው የሚገጠሙ ይመስላል። ቡና ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሽታዎች አሉ። አብዛኞቹ ሳይደርሱህ ድኝነት ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ከደረሱህ የሚቀርህ ያ ጎማ ነው።

በጀርመን ድሬስደን ቶማስ ሁመል የጀመረው ልምምድ አለ። አራት ሽታ ነው፦ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለጥቂት ሰኮንዶች፣ ሳትቸኩል፣ ቢያንስ 12 ሳምንት። ሦስቱ ቤታችን አሉ፤ ጽጌረዳውን አበባ ሻጭ ጋ ታገኛለህ። ስታሸት ነገሩን በሐሳብህ ለማምጣት ሞክር። ሁሉም ሰው አይሻለውም፣ የተሻለውም በወራት ነው። በአንድ አፍንጫ ብቻ ከጠፋ ወይም ደም ካለ ግን ልምምዱን ትተህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ትዝታው ተሰርዟል ብዬ አላምንም፤ የሚከፍተው ሽታ ነው የተበላሸው። በኔ ኮሰረት የገባበት የንጥር ቅቤ ሽታ ከስምንት ወር በኋላ ተመለሰ። የእናቴ ማጀትም፣ ቅቤው እስኪረጋ የምጠብቅባት ዱካም አብረው መጡ። ቡናው ግን ገና ነው። ሲቆላ መስኮት እከፍታለሁ፤ ሲቀዳ ግን እጠጣለሁ።