ስልኬ «9 ሰዓት» አለኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከጀርመን ናቸው። የሚጠይቁትም አንድ ነገር ነው፤ በስልክ ስለ መተርጎም። ረጃጅሞቹን አሳጥሬአቸዋለሁ። ስድብ የነበረባቸውንም አጥቤአቸዋለሁ።

ኢንተርኔት በሌለበት ባቡር ጣቢያ ካሜራው ጽሑፍ ይተረጉምልኛል?

ቋንቋውን ቤት ሳሉ ካወረዱት ይተረጉማል፤ ከአማርኛ አጠገብ የማውረጃ ቀስት ካላዩ ጀርመንኛና እንግሊዝኛን አውርደው በእንግሊዝኛ ያንብቡ።

የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀጠሮ ነበረኝ። ደብዳቤውን በካሜራ ተርጉሜ፣ አማርኛውን አንብቤ፣ ባለው ቀን ባለው ሰዓት ሄድኩ። «ቀጠሮህ ካለፈ ቆየ» ብለው መለሱኝ። ጥፋቱ የስልኩ ነው የኔ?

የሁለታችሁም። ግን አትዘን፣ እኔም የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን እንዲሁ አሳልፌ ሕመሙን ሦስት ሳምንት ተሸክሜዋለሁ።

የላክልኝን ፎቶ አየሁት። ጀርመንኛው «05.03.2025፣ 9:00 ኡር» ይላል። ስልክህ «መጋቢት 5፣ 9:00 ሰዓት» አለህ። እያንዳንዱን ቃል ብታየው ስህተት አይመስልም። ማርች በመዝገበ ቃላት መጋቢት ነው። ኡር ደግሞ ሰዓት ነው። ችግሩ ስልኩ የወሩን ስም ቀየረ እንጂ የቀን መቁጠሪያውን አልቀየረም። ማርች 5 ቀን 2025 በኛ የካቲት 26 ቀን 2017 ነበር። መጋቢት 5 የዋለው ማርች 14 ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ዘግይተሃል።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። የጀርመን 9:00 የኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። አንተ 9 ሰዓት ሲልህ ከሰዓት በኋላ ሄድክ። ቀኑን እንኳ በትክክል ብታውቀው ስድስት ሰዓት ዘግይተህ፣ ምናልባትም ቢሮው ተዘግቶ ነበር የምትደርሰው።

ስለዚህ አማርኛውን ለሐሳቡ አንብበው። ለቀንና ለሰዓት ግን ወደ ዋናው ወረቀት ተመለስ። ቁጥሩ እዚያ በግልጽ ተቀምጧል፤ እሱን ለማንበብ ጀርመንኛ አያስፈልግም። በነጥብ ከተለዩት ቁጥሮች የመጀመሪያው ቀን፣ ሁለተኛው ወር ነው። ሰዓቱ የተጻፈው ከ0 እስከ 24 በሚሄደው ቆጠራ ነው። ከ7:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንስ፤ 14:30 ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ በስልኩ ካላንደር ላይ በፈረንጁ አቆጣጠር መዝግበው። በጭንቅላትህ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጀርመንኛ አታመላልሰው።

በንግግር ትርጉም ላይ ይሄው ነገር በተቃራኒው ይመጣል። አንተ ማይኩ ላይ «ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ» ስትል ጀርመኑ ከሰዓት በኋላ ሦስት እንደሆነ ነው የሚሰማው። እነሱም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «ሃልብ ድራይ» ሲሉ ሦስት ተኩል ማለታቸው አይደለም፤ ሦስት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ማለትም 2:30 ነው። በኛ ስምንት ተኩል። አየህ፣ ሁለት ሕዝብ ሁለቱም ሰዓትን በራሱ መንገድ ሲቆጥር መሐል ላይ ያለው ስልክ ምን ያድርግ? ለቀጠሮ ንግግሩን ተወውና ወረቀት አቅርብ። በቁጥር ይጻፉልህ።

የመኖሪያ ፈቃድ ላሳድስ ሄጄ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ስልኬ «የልብ ወለድ የምስክር ወረቀት» አለው። እየቀለዱብኝ ነው እንዴ?

አይደለም እህቴ፣ ደህና ወረቀት ነው፣ እንዳትጥዪው። ስሙ ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ ነው። ማመልከቻሽ እስኪወሰን ድረስ ሕጋዊ ሁኔታሽን የሚያሳይ ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። «ፊክሲዮን» እዚህ የሕግ ቃል ነው፤ ሕጉ «ፈቃዱ እንዳለ ይቆጠር» ብሏል ለማለት። ስንት ወር እንደሚያገለግልና ከአገር ወጥተሽ መመለስ ትችዪ እንደሆነ ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ትኬት ከመግዛትሽ በፊት ቢሮውን ጠይቂ።

እንዲህ የሚሆነው የአማርኛው ትርጉም ብዙ ጊዜ ከጀርመንኛ በቀጥታ ስለማይመጣ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ይመጣል፤ መንገድ ላይም ነገር ይጥላል። «ዱልዱንግ» የሚባለው ከአገር የማስወጣት ጊዜያዊ እገዳ «መቻቻል» ሆኖ ይወጣል። «አንሆሩንግ» «ችሎት» ሊባል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ከመወሰናችን በፊት አስተያየትህን በጽሑፍ ላክ» የሚል ደብዳቤ ነው። ሰው ችሎት ነው ብሎ ቀን ሲጠብቅ የመልሱ ጊዜ ያልፍበታል። እንግሊዝኛ የምታነቢ ከሆነ የጀርመንኛውን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመሽ እይው። አንድ መንገድ ያሳጥርልሻል።

ቢጫ ፖስታ በር ላይ አገኘሁ። ውስጡን በካሜራ አንብቤ የጥገኝነት ማመልከቻዬ ውድቅ እንደሆነ ገባኝ። ስንት ቀን አለኝ? ፖስታውን ጥዬዋለሁ።

ከቆሻሻው አውጣው! አሁኑኑ። ፖስተኛው ያስረከበበትን ቀን የሚጽፈው ፖስታው ላይ ነው። ቆጠራውም የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው፤ አንተ ካነበብክበት ወይም ከተረጎምክበት ቀን አይደለም።

የደብዳቤውን መጨረሻ ተመልከት። Rechtsbehelfsbelehrung የሚል ረጅም ርዕስ ታገኛለህ። የት ፍርድ ቤት፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ይግባኝ እንደሚባል የተጻፈው እዚያ ሥር ነው። በጥገኝነት ጉዳይ በተለመደው ውድቅ ሁለት ሳምንት ነው። «ግልጽ በሆነ ሁኔታ መሠረተ ቢስ» ተብሎ ከተወሰነ ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ካሜራው ሊበላው የሚችለውም ይህንን አንድ ቃል ነው፤ በጀርመንኛው offensichtlich ይላል። በዓይንህ ፈልገው። ለምሳሌ ፖስታው ላይ ማክሰኞ ማርች 4 ከተባለና ጊዜው ሁለት ሳምንት ከሆነ፣ የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ማርች 18 ነው። በማግሥቱ ጊዜው አልፏል።

አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ይህንን በስልክ ትርጉም ብቻ እንዳትወስነው። ዛሬ ወይ ነገ ጠበቃ ወይም የጥገኝነት ጠያቂዎች ምክር ቢሮ ፖስታውንና ደብዳቤውን ሁለቱንም ይዘህ ሂድ። ከፌስቡክ የተገኘ ምክር ጠበቃ አይደለም። በስልክ የተረጎምከው አማርኛም እንዲሁ።

እናቴ ሐሙስ ቀዶ ጥገና አለባት፣ እኔ ሥራ ነኝ። በስልኬ የንግግር ትርጉም ከሐኪሙ ጋር ትግባባለች? ደግሞ ስልኩ እናቴን «አንተ» ይላታል፣ በጣም ነው የተናደደችው።

ለንዴቷ ይቅርታ ጠይቂልኝ። በእንግሊዝኛ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» አንድ ቃል ናቸው፤ ስልኩ የትኛው እንደሆነ እየገመተ ነው።

ለእንግዳ መቀበያና ለነርሷ «ውሃ እፈልጋለሁ» ስልኩ ይበቃል። አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ስልኩ ሥራውን በሁለት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ያልሽውን በአማርኛ ይጽፋል፣ ከዚያ ጽሑፉን ይተረጉማል። ትርጉሙን ማረጋገጥ አትችዪ ይሆናል፤ የአማርኛውን መስመር ግን ማንበብ ትችያለሽ። እሱ ከተበላሸ የቀረው አይጠቅምም። አማርኛ ስንጽፍ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አንለይም። «መድኃኒቱን ገና አልጨረስኩም» ሲባል በዓሉ ገና ሊመስለው ይችላል። እናትሽ አጭር ዓረፍተ ነገር ትናገር፣ ቁልፉን ራሷ ትጫን፣ አንብባ ታሳይ።

የሕመም ቋንቋችንም ከባድ ነው። «ምች መታኝ» በጀርመንኛ የለም። «ጎኔን ይወጋኛል» ስትል ሰው የወጋት ሊመስላቸው ይችላል። የት ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሲነኩት ያማል ወይስ ሳይነኩት፣ እንዲህ ትበል።

ለቀዶ ጥገናው ማብራሪያና ፊርማ ግን ሰው አስተርጓሚ ይቀመጥ። በዚህ አልደራደርም። ሐኪሙ የቀዶ ጥገናውን አደጋና ሌላ አማራጭ እናትሽ በሚገባት መንገድ ማስረዳት ግዴታው ነው። ስልኩ አንዲት «አል» ከዋጠ «ደም ማቅጠኛ አልወስድም» «እወስዳለሁ» ይሆናል። ዛሬውኑ ወደ ክፍሉ ደውዪና አማርኛ የሚችል ሠራተኛ እንዳላቸው ጠይቂ። የሕዝብ ጤና መድን የአስተርጓሚ ወጪ በአብዛኛው አይከፍልም፤ ስለዚህ ቀድመሽ ካልጠየቅሽ ማንም አያዘጋጅልሽም። የአሥር ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አታድርጊ። ወይም ሐሙስ ፈቃድ ውሰጂ።

የልደት ምስክር ወረቀቴን በካሜራ ተርጉሜ ለዩኒቨርሲቲው ብልክስ?

አይቀበሉህም፤ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ያስፈልጋል፣ justiz-dolmetscher.de ላይ ፈልግ። ለነገሩ በራሴ ወረቀት ሞክሬዋለሁ፦ «ጥር 12 ቀን 1992» ወደ «ጃንዋሪ 12፣ 1992» ተቀየረ። ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ቀን 2000 ነው። ስምንት ዓመት ሽማግሌ አደረገኝ። የአባቴ ስም ደስታ ስለሆነ ደግሞ «ጆይ» ብሎ ተረጎመው። ተርጓሚ ጋ ስትሄድ ፓስፖርትህን ያዝ፣ ስምህን እዚያ እንዳለው ይጻፍልህ።

የሚተረጉም ኢርፎን ልግዛ?

ሻጩ ፊት በአማርኛ ሞክሩት፤ ካልቻለ ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።

ሱፐርማርኬት ካሜራው «ጨው» ያለውን ገዛሁ። ፍሬዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ አልሟሟ አለኝ። ምን ዓይነት ጨው ነው?

ፎቶው ላይ ያለው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ጨው ነው። ካርቶኑ ላይ ረጅሙ ቃል ለሁለት መስመር ተከፍሏል፤ ካሜራው መስመር በመስመር ስለሚያነብ የታችኛውን «ጨው» ብቻ ለብቻው ተረጎመው። ሌላ ጊዜ ዕቃውን ገልብጠው የኋላውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ለምን እንደሚያገለግል እዚያ ይላል። ወጡን ግን ይድፉት።