ዘጠኝ ስኬት፣ አንድ ገጽ

«ለመጋዘን ኃላፊነት ላመለክት ነው። ከቨር ሌተሬ ሁለት ገጽ ተኩል ሆኖብኛል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ይላል። የጻፍኳቸው ዘጠኝ ስኬቶች ሁሉም የለፋሁባቸው ናቸው። የቱን ልቁረጥ?»

ደብዳቤውን ለጊዜው አስቀምጪውና የሥራ ማስታወቂያውን አውጪ። ከላክሽልኝ ላይ እንዳየሁት ዋና ዋና የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የንብረት ቆጠራን ማስተካከል፣ ሠራተኛ መምራትና ወርሃዊ ሪፖርት ማዘጋጀት። አሁን ከዘጠኙ ስኬቶችሽ ጎን ለየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሚሆኑ በቁጥር ጻፊ። ቁጥር ያላገኘ ይወጣል። የምስጉን ሠራተኛ ሽልማትሽ ቁጥር አላገኘም። ያማል፣ ግን ሲቪሽ ላይ አለ፤ እዚያው ይቆይ።

እኔ ስሞክረው አምስት ቀሩ። ሦስቱ ስለ ቆጠራ ናቸው። ከሦስቱ የቅርብ ጊዜውንና ውጤቱ የሚታየውን አንዱን ብቻ ያዢ። እሱንም የጻፍሽው እንዲህ ነው፦

«በተሰጠኝ ኃላፊነት መሠረት የቆጠራ ሥራውን በከፍተኛ ትጋት በማከናወን ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ አበርክቻለሁ።»

ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል። ዋናው ነገር ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ተደብቋል። አውጥቼ ሳገጣጥመው ይህን መሰለ፦

«በዓመት አንዴ ይካሄድ የነበረውን ቆጠራ በየወሩ እንዲሆን አደረግሁ። በ8 ወር ውስጥ በመዝገቡና በመደርደሪያው መካከል የነበረው ልዩነት ከ6 በመቶ ወደ 1 በመቶ ወረደ።»

ምን እንዳደረግሽና ምን እንደተለወጠ ይታያል። ቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት አደረግሽው?» መባልሽ አይቀርምና መልሱን አዘጋጂ።

መቁረጥ ብቻ ግን አይደለም። ሠራተኛ መምራትን በተመለከተ ያለሽ «አዳዲስ ሠራተኞችንም አሠልጥኛለሁ» የምትል አንዲት ሐረግ ናት። የምታድገው እሷ ነች። ስንት ሰው? ምን አስተማርሻቸው? ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ምን መሥራት ቻሉ? ሦስት ዓረፍተ ነገር ስጫት። ለሪፖርቱ ሁለት ይበቃል።

የመግቢያውን ግማሽ ገጽ የትምህርት ታሪክ ሙሉ በሙሉ አውጪው፤ ሲቪው ይናገረዋል። በምትኩ የትኛውን የሥራ መደብ እንደምትፈልጊና የቆጠራውን ውጤት በሁለት መስመር አስቀድሚ። አንባቢው ከዚያ በላይ ላይሄድ ይችላል።

አሁንም አራት አምስት መስመር ከተረፈ ፊደሉን አታሳንሺ፣ ኅዳጉንም አታጥብቢ። ይህን ዘዴ ቀጣሪዎች ገና ሳያነቡት ያውቁታል፤ ጥቅጥቅ ያለ ገጽ ደግሞ ማንንም ያደክማል። ይልቅ «በከፍተኛ»፣ «በቅንነት»፣ «የበኩሌን» የሚሉትን እየፈለግሽ ሰርዢ። አንቺ ደብዳቤ ውስጥ አሥራ አንድ ቆጥሬያለሁ።