ከፎቶ ላይ የዕቃውን ሞዴል ቁጥር ማንበብ፦ ጠይቁኝ

የቤት ዕቃ እጠግናለሁ፤ መለዋወጫም ከውጭ አስመጣለሁ። ግማሽ ቀኔ የሚያልፈው ደንበኞች በስልክ የላኩልኝን የስቲከር ፎቶ አፍጥጬ በማየት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ፊደል ተሳስቶብኝ የማይገጥም የማጠቢያ በር ጎማ አስመጥቼ በራሴ ከሰርኩ። ዛሬ ከሰዓት ሱቅ ስለማልገባ ጠይቁ፤ ፎቶም ካላችሁ ለጥፉ።

ጥያቄ፦ የልብስ ማጠቢያዬን ጀርባ አጉልቼ ሳየው WW7OJS555FW ይላል። ስፈልገው ግን የትም የለም። ሳምሰንግ ነው ብለው ፎርጅድ ሸጡልኝ እንዴ?

አይ፣ ዕቃው ደህና ነው፤ የተሳሳተው ዓይንህ ነው። ቁጥሩ WW70J5555FW ነው። እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርህ፣ ሌላም ጊዜ ይጠቅምሃል።

የሳምሰንግ ማጠቢያ ሞዴል በWW ከጀመረ ከፊት የሚከፈት ነው ማለት ነው። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች የሚይዘው ልብስ ክብደት ናቸው፤ 70 ማለት 7 ኪሎ ነው። አሁን ወደ ፎቶህ ተመለስና ከሞዴሉ ሁለት መስመር ዝቅ ብለህ እይ፤ 7 ኪሎ ይላል። ስለዚህ ከ7 በኋላ ያለው ፊደል O ሊሆን አይችልም፣ ዜሮ ነው።

S ያልከውን ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የያዝኩት። እዚያው ስቲከር ላይ 50Hz የሚል አለ። እሱ ላይ ያለው 5 እርግጠኛ 5 ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ ስታጎላቸው 5 አናቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመርና ሹል ጥግ አለው፤ S ግን ሁሉም ቦታ ክብ ነው። ያንተው ጥግ አለው። የተጠራጠርከውን ፊደል ሁሌም እዚያው ስቲከር ላይ ከምታውቀው ጋር አስተያይ። ዜሮ ከፈለግክ 220-240V ላይ አለልህ። የምትፈልገውን B የማታገኝበት ቀን ግን ይኖራል፤ ያኔ B እና 8 ያጣሉሃል።

አስተያየት፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሞዴል ቁጥር ላይ O ፊደል አይገባም። ክብ ነገር ካየህ ዜሮ ነው፣ አለቀ።

ወንድሜ፣ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ያዋጣሃል፣ እኔም ስቸኩል እንደዚያው ነው የማደርገው። ሕግ ነው ካልክ ግን የኤልጂን ቴሌቪዥን ምን ልታደርገው ነው? OLED55C1 የሚጀምረው በO ነው። ቦታው ይፍረድ፤ ኪሎ ወይም ኢንች የሚጻፍበት ቦታ ከሆነ አሃዝ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪጄ ግድግዳ ጋ ተጠግቷል። ስልኬን በጠባቡ አስገብቼ ሳነሳው ፍላሹ ስቲከሩን ነጭ ያደርገዋል፤ ፍላሹን ሳጠፋው ደግሞ ጨለማ ነው። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ፍሪጁን ከፍተሽ የአትክልት መሳቢያውን አውጪና ግራና ቀኝ ግድግዳውን እዪ። ብዙ ፍሪጆች ስቲከራቸው እዚያ ነው ያለው፤ ሰው ግን ጀርባ ነው ተብሎ ወገቡን ይሰብራል።

እዚያ ከሌለ ፍላሹን አጥፊው። ሌላ ሰው የሁለተኛ ስልክ ባትሪ መብራት ይያዝልሽ፤ ግን ከካሜራው አጠገብ ሳይሆን ከጎን፣ ግድግዳውን እየላሰ እንዲመጣ። ስቲከሩ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ መብራቱና ካሜራው በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ ብርሃኑ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ነው የሚገባው። ስልኩንም ትንሽ አዘንብዪው፤ ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም፣ ይነበባል። በጣም አትጠጊ፤ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ራቂና ሁለት እጥፍ ዙም አድርጊ። ጠጋ ስትዪ ካሜራው ማተኮር ያቅተዋል፣ የእጅሽ ጥላም ያርፍበታል።

ስልኩ ገብቶ እጅሽ የማይገባ ከሆነ ቪዲዮ አስጀምረሽ ቀስ ብለሽ አሳልፊው፤ ኋላ አቁመሽ ጥሩውን ምስል ትመርጪያለሽ። በራስ ፎቶ ካሜራ ያነሳሽ እንደሆነ አንዳንድ ስልክ ምስሉን እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው፤ ፊደሉ ዓረብኛ ቢመስልሽ አትደንግጪ፣ አገላብጪው። ቴሌግራም ላይ ስትልኪ ደግሞ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪ። በፎቶ ስትልኪ ይጨመቃል፣ ከሁሉም በፊት የሚበላሹት ጥቃቅኖቹ ፊደሎች ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ከፍሪጁ ጀርባ ከታች ካለው ጥቁር ሞተር ላይ አንብቤ ላክሁ። ነጋዴው በዚህ ቁጥር የበር ጎማ የለም አለኝ። ይሄን ሁሉ ለፍቼ!

ያነበብከው የኮምፕረሰሩን ታርጋ ነው። ኮምፕረሰሩን የሚሠራው ሌላ ፋብሪካ ስለሆነ የራሱ ሞዴል ቁጥር አለው፤ አንድ ኮምፕረሰር ደግሞ በብዙ ዓይነት ፍሪጅ ላይ ይገጠማል። ስለዚህ በእሱ ቁጥር በር መፈለግ በሞተር ቁጥር የመኪና ወንበር እንደ መግዛት ነው።

የፍሪጁ የራሱ ስቲከር ስንት ሊትር እንደሚይዝ ይጽፋል። የጋዙን ዓይነትና መጠንም በግራም ይጽፋል። ሊትር የሚል ካላየህ የተሳሳተ ቦታ ነህ። ያነሳኸውን ፎቶ ግን አትሰርዘው፤ ኮምፕረሰሩ የተቃጠለ ቀን የሚያስፈልገው እሱ ነው። በነገራችን ላይ የጋዙ መስመር R600a የሚል ከሆነ ተቀጣጣይ ነው። ጋዝ ሊሞላ የመጣው ሰው ያን መስመር ሳያይ ሥራ ከጀመረ አስቁመው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የኔ ማይክሮዌቭ ውስጡ የሚሽከረከረው ሳህን ተሰበረ። የጀርባው ጽሕፈት ለዓይኔ አይታይም። ግዴታ ነው?

እማማ፣ ለእርስዎ ግዴታ አይደለም። የተሰበረውን ገጣጥመው ከዳር እስከ ዳር በሜትር ይለኩት። ከዚያ ሳህኑን ገልብጠው መሐሉ ላይ ከታች ያለውን ጉብታ ፎቶ ያንሱልኝ፤ እሱ ነው ከማዞሪያዋ ጋር የሚገጥመው። ልኩ ትክክል ሆኖ ጉብታው ካልገጠመ ሳህኑ አይዞርም። ሁለቱን ይዘው ሱቅ ቢሄዱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የቦሽ ማጠቢያ ነው፣ እህቴ ከለንደን ናት የላከችው። በሩ ክብ ላይ ያለው ስቲከር E-Nr. WAN28281GB/01 ይልና ጎኑ ላይ FD 9809 ይላል። ከታች ደግሞ ረጅም ቁጥር አለ። የቱን ልላክ?

E-Nr. የሚለውን፣ ግን ሙሉውን። ሰው ሁሉ WAN28281GB ይልክና /01ን ይተዋታል። ያቺ ቁጥር ናት ብር የምታስጠፋው። ፋብሪካው ያንኑ ማሽን በየጊዜው ሲያሻሽለው የሞዴሉን ስም አይለውጥም፣ ከእዝባሩ በኋላ ያለውን ቁጥር ነው የሚቀይረው። የአንተው /01 ሆኖ ለ/12 የተሠራ የውኃ ፖምፕ ብታዝዝ ሊገጥምም ላይገጥምም ይችላል። መግቢያው ላይ ያልኩት የበር ጎማ እንዲህ ነው የመጣብኝ፤ በፎቶው ላይ ከእዝባሩ በኋላ ያለችው ቁጥር ከስቲከሩ ጠርዝ ጋር ተላጥጣ ስለነበር 1 ይሁን 7 አልለየሁም፣ በግምት አዘዝኩ።

GB የሚለው ለእንግሊዝ ገበያ የተሠራ መሆኑን ነው የሚነግርህ፤ ሶኬቱን አይተህም ታውቀዋለህ።

FD ደግሞ የተሠራበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ላይ 1920 ደምር፤ 98 ሲደመር 1920፣ 2018 ይሆናል። ቀሪው 09 ወሩ ነው፣ መስከረም አካባቢ በፈረንጅ አቆጣጠር። እህትህ አዲስ ነው ብላህ ከሆነ እኔ የለሁበትም። ረጅሙን ቁጥር ለዋስትና ካልሆነ አትልከው፣ አደባባይ ላይም አትለጥፈው፤ የዚያች የአንዲት ማሽን መለያ ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ሞዴሉ አይደለም ጥያቄዬ። ከሪያድ ልመለስ ነው፣ ፍሪጄን ጭኜ ልምጣ? ስቲከሩ 220V 60Hz ይላል። ቮልቱ እኮ የኛው ነው።

ቮልቱ የኛው ነው፣ ኸርዙ ግን አይደለም። ሳዑዲ 60 ነው፣ ኢትዮጵያ 50። ስቲከሩ 50/60Hz ቢል ኖሮ ዝም ብለሽ ጫኚ እልሽ ነበር። 60 ብቻ ከሆነና ኮምፕረሰሩ የተለመደው ዓይነት ከሆነ እዚህ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው፣ ብዙ ከረንትም ይጎትታል፣ ይሞቃል። ቮልት መቀየሪያ ትራንስፎርመር ኸርዝ አይቀይርም፣ ማንም ቢሸጥልሽ። ኮምፕረሰሩ ኢንቨርተር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ መብራቱን አስቀድሞ በራሱ ስለሚለውጠው 50ውን ሊችለው ይችላል። የመጨረሻው ቃል ግን የስቲከሩ ነው።

አስተያየት፦ እኔ ከጂዳ ያመጣሁት ባለ 60 ፍሪጅ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀን አልተነካም። ሰው አታስፈራሩ።

እሰየው። እኔ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት የነደደ ከፍቼ አይቻለሁ። ያንተ እንዴት እንደቆየ ሳላየው ምን እላለሁ? የስቲከሩን ፎቶ ብታሳየኝ ደስ ይለኛል፤ ምናልባት 50/60 ይል ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኔ ስቲከር ሙልጭ ብሎ ነጭ ሆኗል። ምድጃው ሲግል ኖሮ ነው መሰለኝ። ፎቶው ይኸው፤ አልኮል ልቀባው?

አልኮል እንዳትነኪው! የተረፈውን ቀለም ጨርቁ ይዞት ይሄዳል። በውኃ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው፣ እሱም ቅባቱን ለማንሳት።

ፎቶሽን ጥቁርና ነጭ አድርጌ ብርሃኑን ዝቅ፣ ንፅፅሩን ከፍ አደረግኩት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ፊደሎች ወጡ። ስድስተኛው ወይ 3 ነው ወይ 8፤ የግራ ጎኑ ሙሉ በሙሉ ስለጠፋ መለየት አልቻልኩም። የማስተያይበት ሌላ 8 ስቲከሩ ላይ የለም፣ 3ም የለም። የዋቱ መስመር ቢኖር ይረዳኝ ነበር፣ እሱም ነጭ ነው። በግምት እንዳላዝዝልሽ ከላይ የነገርኳችሁ የበር ጎማ አስተምሮኛል።

ማታ ሲጨልም መብራት አጥፊና ባትሪውን ከስቲከሩ በስተግራ፣ ከብረቱ ጋር አስተኝተሽ እያበራሽ እንደገና አንሺው። ቀለሙ ቢጠፋም ማተሚያው የተጫነበት ቦታ አንዳንዴ ጥላ ይጥላል። የዋስትና ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነም ፈልጊ። በፋይል ላኪልኝ፣ አያለሁ።