ሁለት ሕግ በአንድ ሴል ላይ ሲጋጭ፦ የኤክሴል ጥያቄና መልስ

የዕቃ መዝገብ በኤክሴል የምትይዙ ሰዎች ስለ ቀለም ሕጎች ብዙ ጠይቃችኋል። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው፤ አንዱ ሕግ «እንዲህ ነው» ሲል ሌላው «አይደለም» ይላል። እነሆ መልሱ።

«ጋሼ፣ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ብዛቱ ከ20 ፓኬት ሲያንስ ቢጫ፣ ማብቂያ ቀኑ 90 ቀንና ከዚያ በታች ሲቀረው ቀይ እንዲሆን አድርጌያለሁ። አሞክሳሲሊን 12 ፓኬት አለ፣ የቀረው 40 ቀን ነው። ግን ቢጫ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ቀዩ የት ሄደ?»

ቀዩም ሠርቷል፣ ግን ተሸፍኗል። አንድ ሴል ሁለት የጀርባ ቀለም መያዝ አይችልም። ስለዚህ ኤክሴል በዝርዝሩ ከላይ ያለውን ሕግ ይመርጣል። Home ላይ Conditional Formatting፣ ከዚያ Manage Rules ግባ። ከላይ ባለው ምርጫ This Worksheet በል፣ ሁሉንም ሕጎች ታያለህ። ቢጫው ከላይ ነው። ቀዩን መርጠህ ወደ ላይ በሚያሳየው ቀስት አሳልፈው።

ግን እዚህ አታቁም። ቢጫው «እዘዝ» ይልሃል፣ ቀዩ «አትከምር» ይልሃል። በ40 ቀን ውስጥ 12ቱም የሚሸጥ ከሆነ ማዘዝ አለብህ። የሚሸጠው 5 ከሆነ ደግሞ 7ቱ እጅህ ላይ ይቀራል። የትኛው እውነት እንደሆነ ሺቱ ላይ አልተጻፈም፣ ስለዚህ አንዱ ሌላውን እንዲውጠው አታድርግ። ሁለቱም ለሚገናኙበት የራሱ ሕግ ስጠው፣ ለምሳሌ ሐምራዊ፣ ከሁለቱ በላይ አስቀምጠው፦

```
=AND($B2<>"",$C2<>"",$B2<20,$C2<=TODAY()+90)
```

A የመድኃኒቱ ስም፣ B ብዛቱ፣ C ማብቂያ ቀኑ ነው። ሐምራዊ ማለት «ሰው ይወስን» ማለት ነው። ስንት እንደሚሆኑ ቀድመህ ማወቅ ከፈለግህ ባዶ ሴል ላይ ይህን ጻፍ፦

```
=COUNTIFS(B2:B400,"<20",C2:C400,"<="&TODAY()+90)
```

ጥቂት ከሆኑ ጥሩ ነው። የሺቱ ግማሽ ከሆነ ግን ጥፋቱ የቀለሙ ቅደም ተከተል ላይ ሳይሆን 20 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። በየቀኑ ለሚሸጥ ፓራሲታሞልና አልፎ አልፎ ለሚጠየቅ መድኃኒት አንድ ወሰን አይሆንም። ለእያንዳንዱ የራሱን ወሰን D ላይ ጻፍና ሕጉን `$B2<$D2` አድርገው።

«እኔ የማውቀው ግን መጨረሻ የገባው ሕግ እንደሚያሸንፍ ነው። እኔ ጋ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚሆነው።»

የምታየው ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ ሕግ ሲገባ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጣል፣ የሚያሸንፈውም ለዚያ ነው። በቀስቱ ወደ ታች ብታወርደው ይሸነፋል። ደግሞ ሁልጊዜ ተሸናፊ አይኖርም። አንዱ ጀርባውን ቀይ ቢያደርግ፣ ሌላው ፊደሉን ቢያደምቅ ሁለቱም አብረው ይታያሉ። ግጭት የሚኖረው ሁለቱ አንድ ነገር ሲሻሙ ነው።

«Stop If True የሚለውን ሁሉም ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ክፋት አለው?»

አለው። ምልክት ያደረግሽበት ሕግ እውነት ከሆነ ከሱ በታች ያሉት ጭራሽ አይታዩም። ሁሉም ላይ ካደረግሽው አሁን ያልኩት አብሮ መታየት ይቀራል።

እኔ ሁለት ቦታ ነው የምጠቀምበት። አንደኛው ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት ላይ ነው። እሱ ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ «አንሷል» የሚል ምልክት እንዲታከልበት አልፈልግም። ሁለተኛው ባዶ ሴል ላይ ነው። «ከ20 በታች» የሚለውን ተራ ሕግ ስትጠቀሚ ኤክሴል ባዶውን እንደ 0 ይቆጥረዋል። ምንም ያልተጻፈበት ረድፍ ሁሉ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። `=ISBLANK($B2)` የሚል ሕግ ምንም ቀለም ሳትሰጪው ከላይ አስቀምጪ፣ Stop If True በይው፣ ቢጫው ይጠፋል።

«የኛ ችግርም ይኸው ነው። ለአንድ መድኃኒት ስቶር ያለው ልጅ የጻፈው ማብቂያ ቀንና እኔ የጻፍኩት ይለያያሉ። በየትኛው ልሂድ?»

ይህ የሕግ ግጭት ሳይሆን የመረጃ ግጭት ነው። ካርቶኑን አይተህ ነው የምትፈታው። ግን አንድ ነገር ጠርጥር፤ ምናልባት ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አንድ መድኃኒት በሁለት ባች ገብቶ 4ቱ በቅርብ፣ 8ቱ ከዓመት በኋላ የሚያልቅ ሊሆን ይችላል። አንድ ረድፍ ሁለት ቀን አይችልም። ለየባቹ ረድፍ ክፈትለት፣ ብዛቱን ግን በስሙ ደምረህ ቁጠር፦

```
=SUMIFS($B$2:$B$400,$A$2:$A$400,$A2,$C$2:$C$400,">="&TODAY())<20
```

ይህ ቀኑ ያለፈውን ከድምሩ ያወጣዋል። በወረቀት 25 ያለ መድኃኒት ከውስጡ 10ሩ ያለፈበት ከሆነ ያለህ 15 ነው። እንዲህ ብቻ ሲደረግ ብዙ ግጭት ራሱ ይጠፋል።

«ቀን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ግማሹ ቀይ ይሆናል፣ ግማሹ ምንም አይሆንም። ሕጉ ተበላሽቶ ነው?»

ሕጉ ደህና ነው። ግንቦት 15 ቀን 2018ን 15/9/2018 ብለው ሲጽፉ ኮምፒውተርዎ ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ የሚያነብ ከሆነ ኤክሴል እንደ ፈረንጅ መስከረም 2018 ያየዋል፣ ለሱ ድሮ ያለፈ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ሲሉት ደግሞ የካቲት 30 የሚባል ቀን በፈረንጅ ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል። ኤክሴል ጽሑፍን ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል ብሎ ስለሚያነጻጽር ያ መድኃኒት መቼም አያልፍበትም። አደገኛው ይኼኛው ነው፣ ምክንያቱም ዝም ይላል። በ `=ISNUMBER(C2)` ይፈትሹት፤ FALSE ካለ ቀን አይደለም። መፍትሔው C ላይ ማሸጊያው ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን መጻፍ ነው። የኛን ለማስታወስ ከፈለጉ ሌላ አምድ ይስጡት።

«መምህር ነኝ። ከ90 በላይ ያመጡትን "ሽልማት" እንዲላቸው ብፈልግም ሁሉንም "አለፈ" ነው የሚላቸው።»

```
=IF(B2>=50,"አለፈ",IF(B2>=90,"ሽልማት","ወደቀ"))
```

እንዲህ ጽፈሽው ከሆነ፣ 95ም ከ50 ስለሚበልጥ መጀመሪያው ላይ ይቆማል። IF የመጀመሪያውን እውነት ይዞ ይወጣል፣ 90ው ጋ አይደርስም። ጠባቡን አስቀድሚ፦

```
=IF(B2>=90,"ሽልማት",IF(B2>=50,"አለፈ","ወደቀ"))
```

«በሐምራዊው አልስማማም። አለቃዬ "እዘዝ" ወይም "አትዘዝ" ነው የሚፈልገው። ደግሞ በጥቁርና ነጭ ነው የምናትመው።»

ለማተሙ ቃል የሚጽፍ አምድ ይሻልሃል፣ በIF ሠርተህ ከቀለሙ ጋር አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ስጠው። አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ እኔ ቀኑን አስቀድማለሁ። ግን ሲታጣ ሰው የሚጎዳበት መድኃኒት ከሆነ፣ ኢንሱሊንን የመሰለ፣ ተቃራኒውን ነው የማደርገው፣ ጥቂት ቢበላሽም አዛለሁ። ሁለቱን የሚለይ አምድ ሳትጨምር አንድ ሕግ ለሁሉም ይሠራል ብዬ አላምንም። እዚህ ላይ የተለየ አሠራር ያለው ካለ ይጻፍልን።